ኃላፊነቱን አንቀበልም፣ ለድርድር ግን በራችን ክፍት ነው

በእንግሊዝ አገር የመድን ድርጅቶች ለተጎጂ ጠበቃ የሚልኩት አንድ ዓይነት ደብዳቤ አለ። ግማሹ «ደንበኛችን ጥፋት የለበትም» ይላል። ሌላው ግማሽ ደግሞ «ይህን ያህል ገንዘብ እንክፈልና ጉዳዩ ይዘጋ» ይላል። ያነበበው ሰው ግራ ቢጋባ አይፈረድበትም። ጥፋት ከሌለባቸው ስለምን ይከፍላሉ? ለመክፈል ከተዘጋጁስ ስለምን አጥፍተናል አይሉም?

በለንደንና በሌሎች የእንግሊዝ ከተሞች ብዙ ወገኖቻችን በጽዳት፣ በመጋዘን፣ በሆቴልና በአረጋውያን እንክብካቤ ሥራ ይተዳደራሉ። መውደቅ፣ መሰበርና ወገብ መቀጨት ያለባቸው ሥራዎች ናቸው። እናም ይህ ደብዳቤ በጠበቃ በኩል እየዞረ ከብዙ ቤት ይገባል። የሚደርሳቸው ሰዎች ብዙውን ጊዜ ከሁለት አንዱን ያደርጋሉ። አንዳንዱ በ«ጥፋት የለብንም» ይቆጣና «ፍርድ ቤት ይፍረደን» ብሎ ድርድሩን ይዘጋዋል። ሌላው «ገንዘብ ሊሰጡኝ ነው» ብሎ እጁን አጣጥፎ ይጠብቃል። ሁለቱም የሚጎዱት ደብዳቤው እንዴት እንደተሠራ ባለማወቃቸው ነው።

ነገሩን በምሳሌ እንከተለው። አንዲት ወይዘሮ በለንደን ሆቴል በጽዳት ሠራተኛነት ተቀጥራለች እንበል። እ.ኤ.አ. በማርች 2023 ሠራተኞች ብቻ በሚጠቀሙበት የጓሮ ደረጃ ስትወርድ፣ የአንዱ ደረጃ ጠርዝ ላይ የተለጠፈው የጎማ ማያዣ ተላቆ ነበርና እግሯን ያዛት፤ ወደቀች። ቁርጭምጭሚቷ ተሰበረ፣ ቀዶ ሕክምና ተደረገላት፣ ብዙ ወራት ከሥራ ቀረች። አብራት የምትሠራ ባልደረባዋ ስለ ማያዣው መላቀቅ ከአደጋው ሁለት ሳምንት ቀደም ብላ ለተቆጣጣሪው በቃል ነግራዋለች፤ ነገር ግን በጽሑፍ የተቀመጠ ነገር የለም። በሆቴሉ በኩል ደግሞ ከአደጋው አንድ ሳምንት በፊት ደረጃው ታይቶ «ደህና ነው» ተብሎ የተፈረመበት የጥገና ወረቀት አለ። ወይዘሮዋ በወደቀችበት ሰዓት በሁለት እጇ ሁለት የአንሶላ ከረጢት ይዛ ስለነበር የደረጃውን መደገፊያ አልጨበጠችም። ሁለቱንም ወገን የሚያስፈራ ነገር ያለበት ጉዳይ ነው፤ የምንነጋገርበት ደብዳቤ የሚወለደውም ከእንዲህ ዓይነት ጉዳይ ነው።

ጠበቃዋ በመጀመሪያ የካሣ ጥያቄ ደብዳቤ ይጽፋል። በእንግሊዝና በዌልስ ክስ ከመከፈቱ በፊት ሁለቱ ወገኖች ሊከተሉት የሚገባ ሥርዓት ተደንግጓል። ተጠያቂው ወገን በ21 ቀን ውስጥ ደብዳቤው መድረሱንና መድን ሰጪው ማን እንደሆነ ያሳውቃል። ከዚያ ጉዳዩን ለመመርመር ቢበዛ ሦስት ወር ይሰጠዋል። በሦስት ወሩ መጨረሻ ኃላፊነቱን ይቀበላል ወይም ይክዳል፤ ከካደ ምክንያቱን መግለጽና እጁ ላይ ያሉትን ሰነዶች ማቅረብ አለበት። ከዚህ በኋላ የሚጻጻፉት የመድን ድርጅቱ የካሣ ክፍልና የተጎጂዋ ጠበቃ ናቸው። ሆቴሉ ራሱ ከመድረኩ ይወጣል። የመድን ውሎች ዋስትና የገባው ሰው ያለ ድርጅቱ ፈቃድ «እኔ ነኝ ያጠፋሁት» እንዳይል ስለሚከለክሉ፣ የሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ ሆስፒታል ድረስ ሄዶ አዝኖ ሲያበቃ በማግስቱ ዝም ቢል ከልቡ ጭካኔ የመጣ ላይሆን ይችላል።

ኃላፊነትን መቀበል ለመድን ድርጅቱ ቀላል ነገር አይደለም። ከክስ በፊት በጽሑፍ የተሰጠ የኃላፊነት እምነት በዋዛ አይመለስም። ክስ ከመከፈቱ በፊት ሊያነሳው የሚችለው ተጎጂዋ ከተስማማች ነው፤ ክስ ከተከፈተ በኋላ ደግሞ ወይ ሁሉም ተከራካሪዎች መስማማት ወይ ፍርድ ቤቱ መፍቀድ አለበት። እንግዲህ ድርጅቱ ዛሬ «አዎ» ካለ፣ ከስድስት ወር በኋላ አዲስ ምስክር ቢያገኝም ቃሉን መዋጥ ይቸግረዋል። «አይደለም» ካለ ግን ነገ «አዎ» ማለት ይችላል። ለዚህ ነው በተጠራጠረበት ጉዳይ ሁሉ ክህደቱ የሚቀድመው። ክህደት ለእሱ መነሻ ቦታ ነው፤ የመጨረሻ ቃሉ ነው ብሎ የሚያስብ ተጎጂ ግን ብዙ ነው።

ልምድ ያለው የካሣ ክፍል ለወይዘሮዋ ጠበቃ በአንድ ቀን ሁለት ደብዳቤ ይጽፋል። የመጀመሪያው ግልጽ ደብዳቤ ነው፤ ነገ ዳኛ ፊት ሊነበብ ይችላል። በውስጡ ደረጃው ከአደጋው በፊት መመርመሩን፣ ስለ ብልሽት የቀረበ የጽሑፍ አቤቱታ አለመኖሩን፣ ተጎጂዋም መደገፊያውን አለመያዟን ይዘረዝርና ኃላፊነቱን እንደማይቀበል ይደመድማል። የጥገና ወረቀቱን ቅጂ ያያይዛል። ስለ ገንዘብ ግን አንዲት ቃል አይተነፍስም።

ሁለተኛው ደብዳቤ አናቱ ላይ በደማቁ «ዊዝአውት ፕሬጁዲስ» ተብሎ ይጻፍበታል፤ በእኛ ጠበቆች አነጋገር «መብታችን እንደተጠበቀ ሆኖ» እንደማለት ነው። አካሉ አጭር ነው። በግልጹ ደብዳቤ የያዝነው አቋም እንደጸና ነው ይላል። ቀጥሎ፣ ደንበኛችን ኃላፊነት አለበት ብለን ሳናምን፣ የክርክሩን ጊዜና ወጪ ለመቆጠብ ስንል 15,000 ፓውንድ ለመክፈል ዝግጁ ነን ይላል። ይህም ለደረሰውም ሆነ ወደፊት ለሚደርሰው ጉዳት ሁሉ ሙሉና የመጨረሻ ክፍያ ይሆናል ይላል። በመጨረሻም ሁሉም ነጥብ በጽሑፍ ተስማምተንበት እስኪያልቅ ድረስ የትኛውም ነጥብ ማናችንንም አያስርም ብሎ ይዘጋል። እነዚህን ዐረፍተ ነገሮች አንድ በአንድ ማየት ያስፈልጋል፤ እያንዳንዳቸው የገቡት የሆነ አደጋ ታይቷቸው ነውና።

ከአናቱ እንጀምር። ሰዎች ሊታረቁ ሲነጋገሩ የተናገሩት ነገር ዕርቁ ሳይሳካ ቢቀር ፍርድ ቤት ወጥቶ መልሶ እንዳይመታቸው የእንግሊዝ ሕግ ከጥንት ጀምሮ ይከላከልላቸዋል። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1984 ከትስ እና ሄድ በተባሉ ወገኖች ክርክር ላይ ምክንያቱን ሲያብራራ፣ ተከራካሪዎች ሙግቱን እስከ መራራ ፍጻሜው ከመጎተት ይልቅ በስምምነት እንዲጨርሱ ማበረታታት ለሕዝብ ጥቅም ነው ብሏል። «15,000 እከፍላለሁ» ያለ ወገን ነገ ዳኛው «ካላጠፋህ ለምን 15,000 አልክ?» የሚለው ከሆነ ማንም የመጀመሪያውን ቁጥር አይጠራም። ስለዚህ ሁለተኛው ደብዳቤ ጥፋትን ለማሳየት ዳኛው ፊት አይቀርብም። ይህ ጥበቃ ለወይዘሮዋም እኩል ይሠራል። እሷም በጠበቃዋ በኩል «በ22,000 እንጨርስ» ብትል፣ በኋላ 40,000 ስትጠይቅ ያ ደብዳቤ አይመዘዝባትም።

ይህ ጥበቃ የሚመጣው ግን አናቱ ላይ ከተጻፈው ቃል አይደለም። ምንጩ የነገሩ ባሕርይ ነው፤ በሁለቱ መካከል ክርክር መኖር አለበት፣ ደብዳቤውም ያንን ክርክር በስምምነት ለመፍታት የተጻፈ መሆን አለበት። ይህን በደንብ የሚያሳየው የያኔው የአገሪቱ የመጨረሻ ፍርድ ሰሚ፣ ሃውስ ኦፍ ሎርድስ፣ እ.ኤ.አ. በ2006 የወሰነው ጉዳይ ነው። ብራድፎርድ ኤንድ ቢንግሊ የተባለው የቤት ብድር ሰጪ ቀሪ ዕዳውን የጠየቀው ሰው፣ ሁሉንም መክፈል እንደማይችል ገልጾ ጊዜና ቅናሽ የሚጠይቅ ደብዳቤ በአማካሪዎቹ በኩል አጽፎ ነበር። በኋላ ብድር ሰጪው ይርጋ እንዳይቆጠርበት ያንን ደብዳቤ ዕዳውን እንዳመነ ማስረጃ አድርጎ አቀረበው። ተበዳሪው ይህ የዕርቅ ንግግር ነው፣ አይቀርብም አለ። ፍርድ ቤቱ ግን ዕዳው መኖሩ ላይ ክርክር አልነበረም፣ ሰውየው የጠየቀው እፎይታ ነው ብሎ ደብዳቤውን ተቀበለው። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ለሁለቱም ወገን ይሠራል። «ዊዝአውት ፕሬጁዲስ» ብሎ የሐኪም ወረቀት ላኩልን ብቻ የሚል ደብዳቤ የተጠበቀ አይደለም፤ ቃሉ ሳይጻፍበት በእውነት የሚደራደር ደብዳቤ ደግሞ ሊጠበቅ ይችላል። ጠንቃቃ ጸሐፊ ቃሉንም ይጽፋል፣ ይዘቱንም ያሟላል።

አሁን ወደ 15,000ው እንምጣ። ይህ ቁጥር በጨረታ የተጣለ አይደለም። የካሣ ክፍሉ ሠራተኛ እንዲህ ብሎ ያሰላል። ወይዘሮዋ ሙሉ በሙሉ ብትረታ የሕመም ካሣዋ፣ ያጣችው ደመወዝና የሕክምና ወጪዋ ተደምሮ 40,000 ፓውንድ ይሆናል እንበል። መደገፊያውን ባለመያዟ ዳኛው እሷንም በከፊል ተጠያቂ ሊያደርጋት ይችላል፤ በዚያ አገር እ.ኤ.አ. ከ1945 ጀምሮ ሕጉ ለተጎጂው ጥፋት ድርሻ ካሣውን እንዲቀንስ ለዳኛው ሥልጣን ሰጥቶታል። አንድ አራተኛ ቢቀነስባት 30,000 ይቀራል። የመርታት ዕድሏ ከመቶ 60 ነው ብሎ ቢገምት፣ የጉዳዩ ዋጋ በእሱ ሚዛን 18,000 ነው። በዚህ ላይ ከተረታ የወይዘሮዋን ጠበቃ ወጪ ይከፍላል፣ የራሱን ጠበቃም ይከፍላል። ስለዚህ 18,000 ከፍሎ፣ ከዚያም ጥቂት ጨምሮ እንኳ ቢገላገል ይጠቅመዋል። 15,000 ብሎ የሚጀምረው ከፍ የሚልበት ቦታ ለማስቀረት ነው።

ይህን ስሌት ያየ ሰው «ጥፋት ከሌለባቸው ስለምን ይከፍላሉ?» ለሚለው ጥያቄ መልሱን ያገኛል። የሚከፍሉት ሊረቱ የሚችሉበትን ዕድል ዋጋ ነው። ስለዚህ ክህደቱንም የገንዘቡን ሐሳብም በአንድ ፖስታ መላካቸው እርስ በርስ አይጋጭም። አንድ አማርኛ ተናጋሪ የጠበቃ ረዳት ለወይዘሮዋ ስልክ ደውሎ «እትዬ፣ ውሸታም አላሉሽም፤ ሊረቱ እንደሚችሉ ገብቷቸዋል ማለት ነው» ቢላት፣ ደብዳቤውን ቃል በቃል ከመተርጎም ይበልጥ ይጠቅማታል።

ከፍተኛ ጥንቃቄ የሚፈልገው ግን የመጨረሻው ዐረፍተ ነገር ነው፤ ሁሉም ነጥብ እስኪያልቅ የትኛውም አያስርም የሚለው። ይህ ሐረግ በብዙ የካሣ ደብዳቤዎች ላይ የምናየው ያለ ምክንያት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1969 የእንግሊዝ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በሕግ መጻሕፍት የቶምሊን ጉዳይ ተብሎ የሚታወቀውን ክርክር ወስኗል። በሥራ ላይ የተጎዳ ሠራተኛ አሠሪውን ስታንዳርድ ቴሌፎንስ ኤንድ ኬብልስን ካሣ ይጠይቃል። ጠበቃውና የአሠሪው መድን ሰጪ የካሣ ኃላፊ ይጻጻፋሉ፤ የኃላፊው ደብዳቤዎች «ዊዝአውት ፕሬጁዲስ» ተብሎባቸዋል። በጽሑፉ መካከል ጥፋቱን እኩል፣ ግማሽ በግማሽ እንካፈል የሚል ሐሳብ ይነሣና በሁለቱም ወገን ይጸድቃል። በገንዘቡ መጠን ላይ ግን ሳይስማሙ ይቀራሉ። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሲደርስ አሠሪው ምንም ኃላፊነት የለብኝም ብሎ ሙሉ በሙሉ ካደ፤ ደብዳቤዎቹም ሊታዩ አይችሉም አለ።

ፍርድ ቤቱ አልተቀበለውም። ጥበቃው የተሰጠው ያልተሳካ ድርድርን ለመሸፈን ነው፤ ድርድሩ ስምምነት ወልዷል አልወለደም የሚለውን ለማወቅ ግን ደብዳቤዎቹን ከማየት ሌላ መንገድ የለም አለ። አይቶም ግማሽ በግማሽ በሚለው ላይ የሚያስር ስምምነት ተደርጓል ብሎ ወሰነ። የቀረው የገንዘቡን ልክ መተመን ብቻ ሆነ።

ይህን በወይዘሮዋ ጉዳይ ላይ እናስቀምጠው። ጠበቃዋ ለ15,000ው ሲመልስ «በጥፋቱ ድርሻ ግማሽ በግማሽ እንስማማ፣ የገንዘቡን ነገር ቀጥለን እናየዋለን» ብሎ ይጻፍ፤ የካሣ ክፍሉም «ተስማምተናል» ብሎ ይመልስ። ከሦስት ወር በኋላ የባልደረባዋ ስልክ ሲፈተሽ ከአደጋው ሁለት ሳምንት በፊት ለተቆጣጣሪው የላከችው የዋትስአፕ መልእክትና የተላቀቀው ማያዣ ፎቶ ይገኛል። ያ ማስረጃ ቀድሞ ቢገኝ ኖሮ የሆቴሉ ክህደት በአንድ ጊዜ ይፈርስ ነበር። አሁን ግን ሆቴሉ ኃላፊነቱን መካድ እንደማይችል ሁሉ፣ ወይዘሮዋም ከ40,000ው ከግማሹ በላይ መጠየቅ አትችልም። የቶምሊን ጉዳይ ሠራተኛውን ጠቅሟል፤ ያው ሕግ ሌላውን ሠራተኛ ሊጎዳም ይችላል። ስለዚህ ተጎጂ ሆኖ ጠበቃ የያዘ ሰው «እስካሁን ስለ ጥፋቱ ድርሻ የተስማማነው ነገር አለ ወይ? በጽሑፍ ነው ወይ?» ብሎ መጠየቅ ይገባዋል። መልሱ አዎ ከሆነ ያን ደብዳቤ ማየት መብቱ ነው። የሥራ ባልደረቦችን ስልክ፣ የቆዩ መልእክቶችንና ፎቶዎችን መፈተሽ ያለበትም ከድርሻ ስምምነት በፊት ነው። እኔ ከዚህ ጽሑፍ አንባቢ አንድ ነገር ብቻ እንዲይዝ ብጠየቅ ይህንን እመርጥ ነበር።

ቀጥሎ የሚመጣው አደጋ የጊዜ ነው። በእንግሊዝ የአካል ጉዳት ክስ በመርሕ ደረጃ በሦስት ዓመት ውስጥ መከፈት አለበት። ጊዜው የሚቆጠረው ከአደጋው ቀን ወይም ተጎጂው ጉዳቱን ካወቀበት ቀን ነው። ድርድር ይህን ቆጠራ አያቆመውም። «ሐሳባችሁን እያጠናነው ነው»፣ «የሐኪሙን ሪፖርት ስንቀበል እንመለስበታለን» የሚሉ ጨዋ ደብዳቤዎች ሲመላለሱ ወራቱ ያልቃሉ። ወይዘሮዋ በማርች 2023 ከወደቀች፣ በማርች 2026 ክስ ካልተከፈተ በማግስቱ የመድን ድርጅቱ ደብዳቤ አንድ መስመር ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ጥያቄው በይርጋ ታግዷል የሚል። ዳኛው ጊዜው ቢያልፍም ክሱን የመቀበል ሥልጣን አለው፤ ያ ግን በልመና የሚገኝ ነውና ማንም ሊተማመንበት አይገባም። መፍትሔው ቀላል ነው። ወይ ሁለቱ ወገኖች ቆጠራው ለተወሰነ ጊዜ እንዲቆም በጽሑፍ ይስማማሉ፣ ወይም ጠበቃው ክሱን በጊዜው ከፍቶ ያስቀምጣል። ክስ ከተከፈተ በኋላ ለተከሳሹ ለማድረስ አራት ወር ይሰጣል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ድርድሩ ሊቀጥል ይችላል። ክስ መክፈት ድርድርን መዝጋት አይደለም፤ እንዲያውም ብዙ ጊዜ ቁጥሩን ከፍ የሚያደርገው እሱ ነው።

የመድን ድርጅቱ ሐሳብ ሳይቀበሉት የሚያስጨንቅበት ሌላ መንገድም አለ። ድርጅቱ 20,000 ፓውንድ በፍርድ ቤቱ ሥነ ሥርዓት ክፍል 36 መሠረት ቢያቀርብ ነገሩ ይለወጣል። ይህም ከዳኛው ይሰወራል፤ ዳኛው ኃላፊነትንና ካሣውን ወስኖ እስኪያበቃ ድረስ አያየውም። ከዚያ በኋላ ግን ፖስታው ይከፈታል። ወይዘሮዋ 20,000ውን እምቢ ብላ ዳኛው 18,000 ቢፈርድላት፣ ሐሳቡን ለመቀበል የተሰጣት 21 ቀን ካለፈ በኋላ ድርጅቱ ያወጣውን የክርክር ወጪና ኪሣራ እንድትሸፍን ልትገደድ ትችላለች። በአካል ጉዳት ክርክር የተረታ ተጎጂ በመርሕ ደረጃ የሌላውን ወገን ወጪ ከኪሱ እንዳይከፍል ይጠበቃል፤ በዚህ ጊዜ ግን ወጪው ከተፈረደላት 18,000 ላይ ሊቀነስ ይችላል። አብዛኛው ካሣ በዚህ መንገድ ሊበላ ይችላል። ስለዚህ ጠበቃ «ክፍል 36 ነው» ብሎ ሲደውል የ21 ቀኑ መጨረሻ የትኛው ቀን እንደሆነ ጠይቆ ቀኑን መጻፍ ይገባል።

በአገራችን ሕግ ያለውን ስናይ ሥጋቱ ተመሳሳይ ሆኖ እናገኘዋለን። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 2143 ከውል ውጪ ለደረሰ ጉዳት ካሣ የሚጠየቅበትን ጊዜ ሁለት ዓመት አድርጎታል፤ ከእንግሊዙ በአንድ ዓመት ያነሰ ነው። ይርጋ ስለሚቋረጥበት ሁኔታ የሚናገረው ቁጥር 1851 ደግሞ ሁለት ነገሮችን ይጠቅሳል፤ ባለዕዳው ዕዳውን ሲያምንና ባለገንዘቡ ክስ ሲያቀርብ። መደራደር በዚያ ዝርዝር ውስጥ የለም። እንግዲህ አዲስ አበባ ላይም ሆነ ለንደን ላይ «ሳናምን እንነጋገር» የሚል ደብዳቤ ተጎጂው ይርጋ እንዲቋረጥለት የሚጠብቀውን ያንኑ እምነት ሆን ብሎ የሚነፍገው ነው። ደብዳቤው ቤት እንዳለ ቀኑ ይቆጠራል።

ወይዘሮዋን ከሁሉ በላይ የሚያንገበግባት ገንዘቡ ላይሆን ይችላል። «ይቅርታ እንኳ አላሉኝም» ትላለች። በዚህ ነገር ላይ የእንግሊዝ ሕግ አንድ ጥሩ ሥራ ሠርቷል። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው የካሣ ሕግ ይቅርታ መጠየቅ፣ ሕክምና ለመስጠት ወይም በሌላ መንገድ ለመካስ ሐሳብ ማቅረብ ብቻውን ጥፋትን እንደማመን አይቆጠርም ይላል። ስለዚህ የሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ «በደረሰብሽ አዝናለሁ» ብሎ ቢጽፍ ኃላፊነቱን አልተቀበለም። የመድን ድርጅቱም ክርክሩ ሳይቋጭ የእግር ማጠናከሪያ ሕክምናዋን ቢከፍልላት ከአቋሙ አልወረደም። ይህን የሚያውቅ ጠበቃ ገና በመጀመሪያው ወር ሕክምናው ኃላፊነት ሳይታመን እንዲከፈል ይጠይቃል፤ ቁርጭምጭሚቷ የድርድሩን መጨረሻ አይጠብቅምና። በስምምነቱ መጨረሻ ደግሞ ከገንዘቡ ጋር ከሆቴሉ የይቅርታ ደብዳቤ እንዲሰጣት መጠየቅ ይቻላል። ዳኛ ገንዘብ ይፈርድላታል እንጂ እንዲህ ያለ ደብዳቤ አያጽፍላትም፤ በድርድር ግን ሊገኝ ይችላል።

ወደ ጉዳዩ መቋጫ ስንመጣ፣ ጠበቃዋ የድርሻ ስምምነት ሳይሰጥ ቆየ እንበል። የባልደረባዋን መልእክት አገኘ። ከደረጃው ፎቶ ጋር አያይዞ በግልጽ ደብዳቤ ላከው፤ ይህን ዳኛ ቢያየው የሚጎዳው ሆቴሉን ነውና መደበቅ አያስፈልገውም። በዚያው ቀን ገንዘቡን የሚመለከተውን «ዊዝአውት ፕሬጁዲስ» በሚል በሌላ ደብዳቤ ጻፈ፤ 34,000 ጠየቀ። ፌብሩዋሪ 2026 ክሱን ከፍቶ አስቀመጠ። የካሣ ክፍሉ ሠራተኛ ስሌቱን እንደገና ሠራ። የመርታት ዕድሏ ከመቶ 60 የነበረው አሁን 85 ሆኗል፤ መደገፊያውን ያለመያዟ ነገር እንዳለ ነው። ሠላሳ ሺህ በ85 ከመቶ ሲባዛ 25,500 ይመጣል። ከጥቂት ስልክ በኋላ በ27,000 ተስማሙ። በስምምነቱ ወረቀት ላይ ደንበኛችን ኃላፊነት እንዳለበት ሳያምን የሚለው ሐረግ እንደነበረ ቀረ። ሙሉና የመጨረሻ የሚለውም አለ፤ ቁርጭምጭሚቷ ከአምስት ዓመት በኋላ ዳግም ቀዶ ሕክምና ቢያስፈልገው ተጨማሪ መጠየቅ አትችልም ማለት ነው። ስለዚህ ጠበቃዋ ከመፈረሟ በፊት የአጥንት ሐኪሙ ስለ ወደፊቱ የጻፈውን ገጽ አብሯት አነበበ፤ ሐኪሙ ዳግም ቀዶ ሕክምና የማስፈለጉን ዕድል ዝቅተኛ ነው ብሎ ስለገመተ፣ ፈረመች።